የደበዘዘ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝን እንዳለ መገልበጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ እጁ የማይለየው አንድ ሥራ አለ፦ የደበዘዘ ደረሰኝ። ከአዘዞ የግንባታ ዕቃ የገዛ ተቋራጭ፣ ከጥምቀት ሰሞን በኋላ የእንግዶቹን የሆቴል ወጪ የሚያወራርድ አስጎብኚ፣ ከአራዳ ገበያ ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ የገዛ ንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ሁሉም ከኪሳቸው አጣጥፈው የሚያወጡት ግማሹ የጠፋ ወረቀት ነው። የሚጠይቁትም አንድ ነው፦ «እባክዎ ይህን እንዳለ ይጻፉልኝ።» ከዚህ በታች ያለው መልስ ይህንን ሥራ ራሳቸው መሥራት ለሚፈልጉ ወይም ለሌላ ሰው ለሚሠሩ ነው።

ጽሑፉ ለምን ይጠፋል? ወረቀቱን በማሞቅ ይመለሳል?

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በፈሳሽ ቀለም አይታተምም። ወረቀቱ ራሱ በላዩ በተቀባ ኬሚካል ውስጥ ገና ያልጠቆረ ቀለምና እሱን የሚያጠቁር አሲዳማ ንጥረ ነገር ተቀላቅለው ይዟል። የማሽኑ ራስ በጥቃቅን ነጥቦች ወረቀቱን ሲያሞቅ ሁለቱ ይቀልጡና ይዋሃዳሉ፤ ጥቁሩ ነጥብ የሚወጣውም ያኔ ነው። ቅባት፣ አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ፣ የፕላስቲክ ሽፋን ማለስለሻ፣ የስኮች ሙጫና የማድመቂያ እስክሪብቶ ፈሳሽ ይህንን ውሕደት ያፈርሱታል። ፀሐይና እርጥበትም ቀስ በቀስ ያደበዝዙታል። ለዚህ ነው በፕላስቲክ ኪስ ውስጥ በጥንቃቄ የተቀመጠ ደረሰኝ አንዳንድ ጊዜ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ከተጣለው ቀድሞ የሚነጣው።

ማሞቅን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አይሞክሩት። በካውያ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ጽሑፉ ይመለሳል የሚል ምክር ይሰማል። ነገር ግን ሙቀቱ ጽሑፉንና ባዶውን ቦታ አይለይም፤ ጽሑፍ ያልነበረበት ቦታም ይጠቁራል፣ የቀረው ጥቂት ልዩነትም ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።

ለመገልበጥ ከመቀመጤ በፊት ምን ላድርግ?

ጥሩ ምስል ይውሰዱ። ሥራው የሚሠራው ከምስሉ ላይ ነው፤ ወረቀቱ በተነካካ ቁጥር ይጎዳል።

ስካነር ካለ በቀለም፣ በኢንች 600 ነጥብ ስካን ያድርጉት። የእነዚህ ማሽኖች ራስ በብዛት በአንድ ሚሊ ሜትር 8 ነጥብ፣ ማለትም በኢንች ወደ 203 ነጥብ ነው የሚያትመው። በ600 ስካን ሲደረግ እያንዳንዱ የታተመ ነጥብ ወደ ሦስት የሚጠጋ የምስል ነጥብ ያገኛል፤ በመሆኑም ግማሽ የጠፋ ነጥብ እንኳ ምልክት ይተዋል። በጥቁርና ነጭ ብቻ ስካን ማድረግ ግን ደካማውን ነጥብ ሁሉ ነጭ ብሎ ይጥለዋል። የስልክ ሰነድ ማንሻ ፕሮግራሞችም ገጹን «ሲያጸዱ» የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

በስልክ ከሆነ ወረቀቱን ንጹሕ መስታወት ጫን አድርገው ያስተካክሉት፣ ፍላሹን ያጥፉ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ምስሉን በቴሌግራም ለሌላ ሰው የሚልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን `File` ብለው ይላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚታመቅ 3 እና 8ን የሚለየው ትንሽ ክፍተት በመንገድ ላይ ይደፈናል።

ከዚያ ጊምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍተው `Colors > Components > Decompose...` በሚለው ምስሉን ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ንብርብር ይለያዩት። የደበዘዘ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቢጫ ደግሞ በሰማያዊው ንብርብር ላይ ጠቁሮ ይታያል። ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ከሆነ ግን ሰማያዊው ሁሉንም ያጠቁረዋልና ሦስቱንም አይተው ጎልቶ የሚታየውን ይምረጡ። በመጨረሻ `Colors > Levels...` ላይ ንፅፅሩን ቀስ ብለው ይጨምሩ። የመጀመሪያውን ምስል ሳይነኩ በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ።

«እንዳለ» ሲባል እስከ ምን ድረስ ነው?

እስከ ባዶ ቦታው ድረስ። የካሽ ሬጅስተር ፊደላት ሁሉ እኩል ስፋት አላቸው፤ `1` የሚይዘው ቦታና `W` የሚይዘው ቦታ አንድ ነው። በ58 ሚሊ ሜትር ጥቅል ላይ በተለመደው የፊደል መጠን አንድ መስመር አብዛኛውን ጊዜ 32 ፊደል ይይዛል፤ በ80 ሚሊ ሜትር ላይ ደግሞ 48። የእርስዎ ደረሰኝ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረውን የሰረዝ መስመር ይቁጠሩ።

ይህ ቆጠራ የሚጠቅመው ለውበት አይደለም። ዋጋዎቹ በቀኝ ጠርዝ የተሰለፉ ስለሆኑ ሳንቲሙ ሁልጊዜ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድ አኃዝ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ እዚያ ቦታ ላይ አንድ አኃዝ ይሁን ሁለት፣ ወይም ምንም አልነበረ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ከኮከቡ ምልክት `*` እስከ ነጥቡ ድረስ ሦስት ቦታ ካለ ዋጋው በመቶዎች ነው፤ አምስት ቦታ ካለ በሺዎች ነው፣ ምክንያቱም ከሦስተኛው አኃዝ በፊት ኮማው አንድ ቦታ ይወስዳል።

ከዚህ አንድ ጥብቅ ሕግ ይከተላል፦ የማይነበብ ቦታን የምናመለክትበት ምልክት ከአንድ ቦታ በላይ መያዝ የለበትም። ብዙ ሰው በመስመሩ መካከል «(አይነበብም)» ብሎ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ከዚያ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ይገፋና ዓምዱ ይፈርሳል። እኔ የምጠቀመው `?` ነው፦ አንድ የማይነበብ ፊደል፣ አንድ `?`። የተቀደደ ወይም የተቆረጠ ቦታ ከሆነ `~`። ነጥብ፣ ኮከብ፣ `#` እና ሰረዝ ደረሰኙ ራሱ የሚጠቀምባቸው ምልክቶች በመሆናቸው ለዚህ አይሆኑም። ቢነበብም የሚያጠራጥር ፊደል ካለ ፊደሉን በቦታው ጽፈው ጥርጣሬውን ከግልባጩ በታች በመስመርና በቦታ ቁጥር ያስፍሩት።

የተሳሳተ ፊደልም እንዳለ ይገለበጣል። አድራሻው በአንዱ ደረሰኝ `GONDAR`፣ በሌላው `GONDER`፣ በሦስተኛው `N/GONDER` ሊል ይችላል። ሻጩ እንዴት እንዳስመዘገበው የሚያሳየው ያ ስለሆነ ማስተካከል የእኛ ሥራ አይደለም።

የጠፋውን አኃዝ በስሌት ማግኘት እችላለሁ። ታዲያ ለምን አልጽፈውም?

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

በስሌት የተገኘ አኃዝ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የታየ አይደለም። ግልባጩን የሚያነበው የሒሳብ ሠራተኛ ወይም ኦዲተር ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ አንዱ ማስረጃ ሲሆን ሌላው የጸሐፊው ድምዳሜ ነውና። ሁለቱ በአንድ መስመር ከተቀላቀሉ ኋላ ማንም ሊለያቸው አይችልም። በተጨማሪ ስሌት ዓይንን ይመራል። «እዚህ 3 መሆን አለበት» ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዥታው ውስጥ 3ን ያያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሚታየውን ብቻ ይገልብጡ፣ ከዚያ ያስሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይመልከቱ።

በምሳሌ እንየው። ከግንባታ ዕቃ መደብር የተገኘ ደረሰኝ ነው እንበል፤ በኪስ ውስጥ በአግድም ሁለት ቦታ ታጥፎ ቆይቷል። የሻጩን ስምና መለያ የያዘውን ራስጌ ትቼዋለሁ። በስተግራ ያሉት የመስመር ቁጥሮች የእኔ ናቸው፤ ግልባጩ የሚጀምረው ከቋሚው ምልክት በስተቀኝ ነው።

```
01|03/04/2024                 14:20
02|3.000 x 160.00
03|MISMAR 8CM               *480.00
04|2.500 x 184.00
05|B/WIRE KG                *460.00
06|4.000 x 2?5.00
07|PVC PIPE 1/2 W           *9?0.00
08|2.000 x 95.00
09|PNT BRSH 3               *190.00
10|--------------------------------
11|TXBL1                  *2,0?0.00
12|TAX1 15.00%              *31?.50
13|TOTAL                  *2,380.50
14|CASH                   *2,400.00
15|CHANGE                    *19.50
16|ITEM#                          4
```

አራቱ የጠፉ አኃዞች የሚገኙት በመስመር 06፣ 07፣ 11 እና 12 ላይ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው መምጣታቸው ምክንያቱን ይነግረናል፤ ሁለቱ መታጠፊያዎች ያለፉት በእነዚህ መስመሮች መካከል ነው፣ በመታጠፊያ ላይ ደግሞ የወረቀቱ ሽፋን ይፋቃል። የማሽን ጉድለት ቢሆን ኖሮ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓምድ ላይ ይታይ ነበር። በመስመር 07 እና 11 የጠፋው ሁለቱም በ28ኛው ቦታ ላይ ነው፤ ሆኖም በዚያው 28ኛ ቦታ ላይ በመስመር 03፣ 05፣ 09 እና 13 ያሉት አኃዞች ጥርት ብለው ይነበባሉ። ስለዚህ የማሽኑ ራስ ጤነኛ ነበር።

አሁን ስሌቱ። መጀመሪያ የሚነበበውን እርስ በርሱ እናመሳክር። ጠቅላላው 2,380.50 ይላል፤ የተከፈለው 2,400.00 ሲሆን መልሱ 19.50 ነው። ይገጥማል። በመሆኑም መስመር 13ን እንተማመንበታለን።

ቀጥሎ መስመር 06 እና 07። አራት ፍሬ በ«2?5» ተባዝቶ «9?0» መምጣት አለበት። 4 ሲባዛ በ225 900 ነው፣ በ235 940፣ በ245 980። ከእነዚህ ሌላ የሚሆን የለም፤ 215 ወደ 860 ይወርዳል፣ 255 ደግሞ 1,020 ይሆናል። ሦስት አማራጭ ቀረ ማለት ነው። የሌሎቹ ሦስት ዕቃዎች ድምር 480 ሲደመር 460 ሲደመር 190፣ በአጠቃላይ 1,130 ነው። ከሦስቱ አማራጮች ጋር ሲደመር 2,030፣ 2,070 ወይም 2,110 ይሰጣል። መስመር 11 «2,0» ብሎ ስለሚጀምር 2,110 ይወድቃል። የ2,030 15 በመቶ 304.50 ነው፤ መስመር 12 ደግሞ «31» ብሎ ስለሚጀምር ይህም ይወድቃል። የ2,070 15 በመቶ 310.50 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 2,380.50 ይሆናሉ። ከጠቅላላው ጋር ልክ ገጠመ።

እንግዲህ ዋጋው 235.00፣ የመስመሩ ድምር 940.00፣ ታክስ የሚከፈልበት 2,070.00፣ ታክሱ 310.50 መሆኑን በስሌት አውቀናል። አሁን ወደ ምስሉ እንመለሳለን። በመስመር 06 በ10ኛው ቦታ ላይ ሲጎላ ወደ ቀኝ የተቀለሱ ሁለት ቅስቶች በሐመር ነጥቦች ይታያሉ እንበል። በመስመር 02 መጀመሪያ ላይ ያለው ጥርት ያለ `3` በዚያው ማሽን፣ በዚያው ቅርጽ የታተመ ስለሆነ ቆርጠን ብናነባብረው ነጥቦቹ ይገጥማሉ። ያን ጊዜ በግልባጩ ላይ `?` በ`3` ይተካል፤ ከታች ባለው ማስታወሻም እንዲህ ይጻፋል፦

«መስመር 06፣ ቦታ 10፦ 3፣ በደካማ ምልክት የተነበበ። ከመስመር 02 ቦታ 1 ጋር ተነጻጽሯል።»

በመስመር 07፣ 11 እና 12 ላይ ግን ሽፋኑ ተፍቆ ነጭ ወረቀት ብቻ ከሆነ የቀረው `?` ባለበት ይቆያል፦

«መስመር 07 ቦታ 28፣ መስመር 11 ቦታ 28፣ መስመር 12 ቦታ 29፦ አይነበቡም። በስሌት 4፣ 7 እና 0 ይሆናሉ።»

ይህ ግልባጭ ለሒሳብ ሠራተኛው የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰጥቶታል፤ ያልታየውን ታየ አላለም።

3 ይሁን 8፣ 0 ይሁን 6 እንዴት ልለይ?

ስለ አኃዙ ከመከራከርዎ በፊት ደረሰኙን ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይን ይመልከቱት። ቀጭን ነጭ መስመር በቁመት ካለፈ ከማሽኑ ራስ ማሞቂያ ነጥቦች አንዱ ሞቷል ወይም በቆሻሻ ተሸፍኗል ማለት ነው። ያ መስመር የአንድን ዓምድ ግራ ጎን የሚነካ ከሆነ በዚያ ዓምድ ላይ ያለ `8` ሁሉ ግራ ጎኑን ያጣና `3` ይመስላል። መለያው ቀላል ነው፦ በዚያው ዓምድ ላይ ያሉ ሌሎች ፊደላትን ይመልከቱ። `B`፣ `E` ወይም `0` በዚያው ቦታ ግራ ጎናቸው ከጎደለ የእርስዎ `3` አጠራጣሪ ነው። ጥያቄው በስልክ ወይም በደረሰኝ ቁጥር ላይ ከሆነ በስሌት የሚረጋገጥበት መንገድ ስለሌለ በተለይ እዚያ ይጠንቀቁ።

ነጭ መስመር ከሌለ ማነጻጸሪያው እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ማሽኑ አንድን አኃዝ በሁሉም ቦታ በተመሳሳይ ነጥቦች ነው የሚያትመው። በርግጠኝነት የሚታወቅ 0፣ ለምሳሌ በሳንቲሙ ቦታ ያለውን፣ እና በርግጠኝነት የሚታወቅ 6 ከዚያው ደረሰኝ ቆርጠው ከአጠራጣሪው አጠገብ ያስቀምጡ። 0 መካከሉ ባዶ ነው ወይም የሰያፍ መስመር አለው፤ 6 ደግሞ መካከሉ ላይ አግድም ነጥቦች አሉት። የሚፈልጉት እነዚያን ሁለት ሦስት ነጥቦች ብቻ ነው። ከሌላ ደረሰኝ ማነጻጸር ግን አይጠቅምም፣ ማሽኑ ሌላ ከሆነ የፊደሉ ቅርጽም ሌላ ነውና።

ምኅጻረ ቃላቱን ልዘርዝራቸው?

በግልባጩ ውስጥ አይዘርዝሩ። ከምሳሌው `B/WIRE`ን ይውሰዱ። ጥቁር ሽቦ፣ የብረት ማሰሪያ ሽቦ ወይም እሾሃማ ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ በኪሎ መሸጡ አንዱን ከሌላው ይበልጥ እንድንጠረጥር ቢያደርገንም አይወስንም። ወስነው «ማሰሪያ ሽቦ» ብለው ከጻፉ የንብረት ክፍሉ የገባውን ዕቃ ከግልባጩ ጋር ሲያመሳክር እሾሃማ ሽቦ ሊያገኝ ይችላል። `PVC PIPE 1/2 W` ላይ ያለው የመጨረሻ `W`ም እንዲሁ ነው፤ ማሽኑ ለዕቃ ስም የተወሰነ ቦታ ብቻ ስላለው የቀረውን ቆርጦታል። ነጭ ይሁን ሌላ ነገር ሻጩ ነው የሚያውቀው።

በየደረሰኙ የሚደጋገሙት ግን የታወቁ በመሆናቸው ለአንባቢው ከግልባጩ ውጭ ቢብራሩ ጥሩ ነው። `TIN` ባለ 10 አኃዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። `FS No.` የፊስካል ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ነው። `TXBL1` ታክስ የሚከፈልበት የዕቃው ዋጋ፣ `TAX1` በእሱ ላይ የተሰላው ታክስ፣ `NOTXBL` ደግሞ ታክስ የማይከፈልበት ነው። `ITEM#` የዕቃ ዓይነቶችን ወይም የተመዘገቡ ሽያጮችን ብዛት ይነግራል፤ በምሳሌያችን 4 ማለቱ የጠፋ መስመር አለመኖሩን ለማረጋገጥም ይረዳል። ከታች የሚታየው `ERCA` የቀድሞው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ምኅጻረ ቃል ነው፤ ዛሬ ሥራው የገቢዎች ሚኒስቴር ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ካለ እንዳለ ይጻፋል።

በደረሰኙ ላይ ያለው ሒሳብ ራሱ የማይገጥም ከሆነስ?

የታተመውን ይጻፉ፣ ልዩነቱን ከታች ያስፍሩ። ግን «ስህተት ነው» ለማለት አይቸኩሉ፤ ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው የሳንቲም ማጠጋጋት ነው። ታክሱን ጨምሮ 100 ብር የሚሸጥ ዕቃ ያለ ታክስ 86.96 ይሆናል፤ ታክሱ 13.04 ነው። ሦስት ሲሸጥ፣ ማሽኑ ታክሱን በየዕቃው አጠጋግቶ ከደመረ 39.12 ያትማል። እርስዎ ግን በድምሩ 260.88 ላይ 15 በመቶ ቢያሰሉ 39.13 ያገኛሉ። የአንዷ ሳንቲም ልዩነት የመጣው ከማጠጋጊያው ቦታ ነው። በግልባጩ ላይ 39.12 ይቆያል።

ሁለተኛው በሆቴልና በምግብ ቤት ደረሰኝ ላይ ያለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። የ500 ብር ምግብ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 550 ይሆናል፤ ታክሱ የሚሰላው በ550 ላይ በመሆኑ 82.50 ነው፣ ጠቅላላውም 632.50። የአገልግሎት ክፍያው መስመር ደብዝዞ ከጠፋ አንባቢው የ500ን 15 በመቶ 75 ብሎ ያሰላና 82.50ን እንደ ስህተት ያየዋል። እንዲህ ዓይነት ልዩነት ሲገጥምዎ የጠፋ መስመር መኖሩን በመስመሮቹ መካከል ካለው ርቀት ይመርምሩ። መስመሮች እኩል ይራራቃሉ፤ ሁለት እጥፍ የሆነ ክፍተት ካዩ እዚያ ላይ አንድ መስመር ታትሞ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ልቀይር?

በግልባጩ ውስጥ አይደለም። የምሳሌው `03/04/2024` ቀን፣ ወር፣ ዓመት ተብሎ ሲነበብ መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ወሩን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ግን የካቲት 25 ይለዋል፤ ቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ስህተቱን ይበልጥ ይደብቀዋል። እንዳለ ተገልብጦ ትርጉሙ በማስታወሻ ቢቀመጥ ሁለቱም ወገን ይመሳከራል። ሰዓቱም እንዲሁ፣ `14:20` በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8፡20 መሆኑ ከታች ይጻፍ።

በዎርድ ልጻፈው ወይስ በኤክሴል?

ለግልባጩ በሁለቱም አልመክርም። በኖትፓድ፣ በ`Consolas` ወይም በ`Courier New` ፊደል ይጻፉ፤ ክፍተቱን በ`Tab` ሳይሆን በባዶ ቦታ ቁልፍ ይሙሉ። ኤክሴል `00004127` ብለው የጻፉትን የደረሰኝ ቁጥር 4127 ያደርገዋል፣ `3.000`ን ወደ 3 ያሳጥረዋል፣ `3/8` ብሎ የተጻፈ የቧንቧ ልክን ቀን አድርጎ ይለውጠዋል። ዎርድ ደግሞ `1/2`ን ወደ አንድ ትንሽ ምልክት ይቀይራል፣ ሁለት ሰረዝን ያገናኛል። ለመደመር ኤክሴል ካስፈለገ ግልባጩ ካለቀ በኋላ በሌላ ፋይል ይሥሩ፤ የደረሰኝ ቁጥርና የዕቃ ልክ የሚገቡባቸውን ዓምዶች አስቀድመው `Text` ያድርጓቸው፣ የሚደመሩትን ዋጋዎች ግን አያድርጉ፤ `Text` የሆነ ቁጥር በ`SUM` አይደመርም።

በአማርኛ የታተመ መስመር ካለ?

እንዳለ ነው። `ጐንደር` ካለ `ጎንደር` አይበሉት፤ `ሀ`ን በ`ሐ` አይተኩ። የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ላይ ከላቲኑ ስለሚሰፋ ዓምዱ በዓይን ሊዛነፍ ይችላል። በቁጥር ከተስተካከለ በዓይን ቢዛነፍ ችግር የለውም፤ ይህንኑ በማስታወሻ ይግለጹ።

አንዴ ከጻፍኩ በኋላ እንዴት ላረጋግጥ?

ሁለት ሰው ይጠይቃል። አንዱ ምስሉን፣ ሌላው ግልባጩን ይይዛል። የሚያነበው ሰው አኃዝ በአኃዝ ያነባል፦ «ሁለት፣ ኮማ፣ ሦስት፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ ነጥብ፣ አምስት፣ ዜሮ።» «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ» ብሎ ማንበብ ኮማና ዜሮ እንዲዘለሉ ያደርጋል። ከታች ወደ ላይ ማንበብም ይረዳል፤ ድምሩን አስቀድሞ መገመት ስለማይቻል ጆሮ የሚሰማውን ብቻ ይይዛል። የሚያዳምጠው ሰው የስሌቱን ማስታወሻ አስቀድሞ ማየት የለበትም።

ግልባጩ ደረሰኙን ይተካል?

አይተካም። የታክስም ሆነ የወጪ ማስረጃ ዋናው ወረቀት ነው፤ ግልባጩ እሱን ለማንበብ የሚረዳ አባሪ ነው። ስለዚህ ሦስቱን አብረው ያቅርቡ፦ ዋናውን ደረሰኝ፣ በተራ ወረቀት ላይ የወጣ ቀለም ያለው የምስሉ ቅጂ፣ እና ግልባጩን ከነማስታወሻው። ግልባጩ ላይ የገለበጠው ሰው ስምና የተገለበጠበት ቀን ይኑር። ዋናው ፈጽሞ ካልተነበበ ወደ ሻጩ መሄድ ይሻላል፤ የደረሰኝ ቁጥሩና ቀኑ ብቻ እንኳ ቢነበቡ ሽያጩን በመዝገቡ ለመፈለግ ያግዛሉ። ለዚህም ነው ገና ሲጀምሩ፣ ከዋጋዎቹ ሁሉ በፊት፣ `FS No.` እና ቀኑን መገልበጥ ያለብዎት።

ዋናውን ወረቀት ሲያስቀምጡ በተራ ወረቀት ፖስታ፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ፣ ከፀሐይና ከመኪና ዳሽቦርድ ርቆ ይሁን። በስቴፕለር የሚያያዝ ከሆነ ሽቦው ባዶው ጠርዝ ላይ ይግባ፣ ስኮች ደግሞ በፊት ለፊቱም በጀርባውም አይለጠፍበት።